ለቧንቧ ሠራተኛ የሚላክ መልእክት፦ ውሃው መጣ ሄደ ሲል

«ውሃችን ግፊት የለውም፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። መጥተህ እየው።» እንዲህ የተጠራ ቧንቧ ሠራተኛ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍቶ ያያል፣ ውሃው ደህና ይወርዳል፣ የመምጫውን ተቀብሎ ይሄዳል። ማታ ችግሩ ይመለሳል።

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢው መሬት ላይ ሮቶ ያስቀመጠ፣ ውሃውን በፓምፕ ወደ ፎቅ የሚገፋ ቤት እናስብ። ከፓምፑ ጋር ትንሽ የግፊት ታንክ አለ፤ ውስጡ በጎማ ከረጢት የተለየ አየር ይዟል። ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ ውሃውን የሚገፋው ይህ የታመቀ አየር ነው፤ ግፊቱ ሲወርድ ፓምፑ ይነሳል። አየሩ ካለቀ ግን ፓምፑ በየጥቂት ሰከንዱ ይነሳል፣ ይጠፋል፤ ውሃውም አብሮት ይበረታል፣ ይደክማል።

ሠራተኛው ችግሩን ያላየው ለዚህ ነው። ብዙ ቧንቧ አንድ ላይ ሲከፈት ፓምፑ ሳያቋርጥ ስለሚሠራ ውሃው እኩል ይወርዳል። ብልሽቱ የሚታየው አንድ ቧንቧ በትንሹ ሲከፈት ነው። የመስመር ውሃ ፓምፑን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ቤት የሚገባ ከሆነ ደግሞ፣ ውሃ በመጣበት ቀን ጭራሽ አይታይም።

ስለዚህ መልእክቱ ብልሽቱ መቼና እንዴት እንደሚታይ ይንገረው፦

«ሰላም ወንድሜ። ሮቶ መሬት ላይ ነው፣ ፓምፕና የግፊት ታንክ አለው። የእጅ መታጠቢያውን በትንሹ ስከፍት ውሃው በየ4 ሰከንዱ ይደክማል፣ ይበረታል፤ ፓምፑም አብሮ ቀጭ እያለ ይነሳል፣ ይጠፋል። መለኪያው ከ3 ባር ወደ 1.5 ይወርድና ይመለሳል። ሻወሩን ሙሉ ስከፍት ይስተካከላል። ምድርም ፎቅም፣ ሙቅም ቀዝቃዛም ያው ነው። የመስመር ውሃ ሲኖር ችግር የለም። ሮቶው ሙሉ ነው። የፓምፑን ቪዲዮ ልኬልሃለሁ።»

ቪዲዮው ድምፁ የሚሰማ ይሁን፤ ልምድ ያለው ሰው ከቀጭታው ብቻ ብዙ ይረዳል። «ምድርም ፎቅም፣ ሙቅም ቀዝቃዛም» የሚለውም ትልቅ ሥራ ይሠራል። አንድ ቧንቧ ብቻ ቢደክም ጫፉ ላይ ያለው ወንፊት በደለል ተደፍኖ ይሆናል፤ ሙቁ ብቻ ቢደክም ወደ ቦይለሩ ይኬዳል። ውሃው ጨርሶ ጠፍቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ በራሱ ቢመለስ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ፓምፑ ሞቆ ራሱን እያጠፋ ሊሆን ይችላል።

ይህን ያነበበ ሠራተኛ የአየር መለኪያና መንፊያ ይዞ ይመጣል። መብራቱን አጥፍቶ፣ ውሃውን አፍስሶ፣ የታንኩን የአየር አፍ ይጫናል። ውሃ ከወጣ ከረጢቱ ተቀዷል፣ ይቀየራል። ውሃ ሳይወጣ አየሩ ብቻ አንሶ ከተገኘ፣ ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት ጥቂት ዝቅ አድርጎ፣ እዚህ ቤት 1.3 ባር ገደማ፣ ይሞላዋል።