25.6 ዲግሪ የሚሰርቅ ቴርሞሜትር

በአርዱይኖ ኡኖ ሰሌዳ ላይ የተሰካው ዋናው ቺፕ ኤትሜጋ 328ፒ ይባላል። ሰዓቱ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። መደመርና መቀነስ ያውቃል፤ ሁለት ባለ 8 ቢት ቁጥሮችን በሁለት ምት ያባዛል። ማካፈል ግን አልተማረም፤ ነጥብ ያለውን ቁጥርማ ጭራሽ አያውቀውም። 3.7ን በ1.2 እንዲያባዛ ብታዙት መልስ ማግኘታችሁ አይቀርም፤ ያንን መልስ የሚሠራው ግን ኮምፓይለሩ ከፕሮግራማችሁ ጋር አብሮ የሚጭነው ተጨማሪ ኮድ ነው። ይህ ኮድ ቁጥሩን ይበታትነዋል፣ ቁራጮቹን በሙሉ ቁጥር ያባዛል፣ ከዚያ መልሶ ይገጣጥመዋል። ለአንዲት ማባዛት ከመቶ በላይ ምት ይፈጃል፤ ማካፈል ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ይህ ሁልጊዜ ችግር ነው ማለት አይደለም። በሰከንድ አንዴ ሙቀት እያነበበ ቀሪውን ጊዜ ቁጭ ብሎ ለሚያሳልፍ ቺፕ መቶ ምት ምንም አይደለም፤ በፍሎት ጽፎ መገላገል ይቻላል። ነገሩ የሚለወጠው ሞተር የሚቆጣጠር ፕሮግራም በሰከንድ አሥር ሺህ ጊዜ ማስላት ሲኖርበት ነው። ወይም ደግሞ ቺፑ እንደ ኤቲታይኒ 13 ለፕሮግራም ያለው ቦታ 1 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን፦ የፍሎቱን ኮድ ብቻውን መሸከም ይከብደዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሠሪዎቹ የሚሄዱበት አሮጌ መንገድ ፊክስድ ፖይንት ይባላል፤ ነጥቡን አንድ ቦታ ተክሎ በሙሉ ቁጥር ብቻ ማስላት።

ሐሳቡ ሒሳቡን በሳንቲም እንደሚይዝ ባለሱቅ ነው። 12 ብር ከ75ን 1275 ብሎ ይመዘግባል፣ ይደምራል፣ ይቀንሳል፤ ነጥቡን የሚያስገባው ለደንበኛው ሲነግር ብቻ ነው። መዝገቡ ውስጥ ነጥብ የለም፤ ነጥቡ ያለው ባለሱቁ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ቺፑም 1275ን ሲያይ ሳንቲም ይሁን፣ የዲግሪ መቶኛ ይሁን፣ ሚሊቮልት ይሁን የሚያውቀው ነገር የለም። ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የጸሐፊው ነው።

አሁን አንድ ቴርሞሜትር እንሥራ። ኤልኤም35 የሚባለው ሴንሰር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ሚሊቮልት ያወጣል፤ 22 ዲግሪ ላይ 220 ሚሊቮልት ማለት ነው። ቺፑ ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ክፍል አለው፤ ኤዲሲ ይሉታል። ይህ ክፍል ባለ 10 ቢት ስለሆነ ከዜሮ እስከ ማመሳከሪያው ቮልቴጅ ያለውን ርቀት ለ1024 እርከን ይከፍለዋል። ማመሳከሪያው በቺፑ ውስጥ ያለው 1.1 ቮልት ከሆነ፣ አንዱ እርከን 1100 ሚሊቮልት ለ1024 ሲካፈል የሚገኘው ነው፦ 1.07421875 ሚሊቮልት። አንድ ሚሊቮልት ደግሞ የዲግሪ አንድ አሥረኛ ነው። እንግዲህ ሙቀቱን በአሥረኛ ዲግሪ ለማግኘት የኤዲሲውን ቁጥር በ1.07421875 ማባዛት ይበቃል።

ይህን የማይመች ቁጥር በ256 ብናበዛው 275 ይሆናል፤ ምንም ሳይተርፍ። ስለዚህ በ275 አባዝቶ ለ256 ማካፈል ያው ነው። ለ256 ለማካፈል ደግሞ ማካፈል የሚያውቅ ቺፕ አያስፈልግም። በሁለትዮሽ የተጻፈን ቁጥር ቢቶቹን አንድ ቦታ ወደ ቀኝ መግፋት ለሁለት ማካፈል ነው፤ ስምንት ቦታ መግፋት ለ256። ሥራው ሺፍት ይባላል። ሴንሰሩ 220 ሚሊቮልት ሲያወጣ ኤዲሲው 204 ይላል። 204 በ275 ሲባዛ 56100፤ ስምንት ቦታ ሲገፋ ትርፉ ይቆረጥና 219 ይቀራል። መስኮቱ ላይ ሲወጣ 21.9 ዲግሪ።

ስምንት የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ይህ ቺፕ በአንድ ትእዛዝ አንድን ባይት አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚገፋው። አራት ባይት የሚይዝን ቁጥር ሰባት ቦታ ለመግፋት ሃያ ስምንት ያህል ትእዛዝ ይፈጃል። ስምንት ቦታ ግን ልክ አንድ ባይት ነው፤ ኮምፓይለሩ የታችኛውን ባይት ትቶ ከሚቀጥለው ማንበብ ብቻ ይበቃዋል። ከሰባት ስምንት ይቀላል ማለት ነው። በመጽሐፍ ላይ ሺፍት ሁሉ ርካሽ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እዚህ ቺፕ ላይ ግን ርካሾቹ 8 እና 16 ናቸው።

ፕሮግራሙ ሲጻፍ አንዲት መስመር ነው፦

```c
uint16_t t = adc * 275 >> 8;
```

`adc` ራሱም 16 ቢት ነው እንበል። ይህን ጽፎ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የሞከረው ሰው ምንም እንከን አያይም። 18 ዲግሪ፣ 21 ዲግሪ፣ ሁሉም ትክክል ነው። ያንኑ መሣሪያ ይዞ ድሬዳዋ ሲወርድ ግን ማለዳ ላይ 25.5 ይደርስና በሚቀጥለው እርከን 0.0 ይላል። ከዚያ እንደ አዲስ ሽቅብ መቁጠር ይጀምራል፤ ቀን ላይ ሙቀቱ 30 ሊሞላ ሲል መስኮቱ 4.3 ያሳያል።

ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሴንሰሩን ነው፤ ሽቦውንም ይነቅላል፣ ይሰካል። ጥፋቱ ግን ማባዛቱ ላይ ነው። 16 ቢት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 65535 ነው። 238 በ275 ሲባዛ 65450፤ ለጥቂት ይገባል። 239 ሲሆን 65725፤ አይገባም፤ 65536ው ሞልቶ ይፈስና 189 ብቻ ይቀራል፤ እሱም ሲገፋ ዜሮ ይሆናል። ሺፍቱ ቁጥሩን መልሶ ያሳንሰዋል ብሎ መጽናናት አይቻልም፤ ምክንያቱም የፈሰሰው ሺፍቱ ከመድረሱ በፊት ነው። መለያ ምልክቱም ግልጽ ነው፦ ስሕተቱ ሁልጊዜ 25.6 ዲግሪ ነው፤ 65536 ለ256፣ ከዚያ ለ10 ሲካፈል ማለት ነው። የተበላሸ ሴንሰር እንዲህ ያለ ንጹሕ ቁጥር አይሰርቅም። መድኃኒቱ ከማባዛቱ በፊት ሰፋ ያለ ቦታ መስጠት ነው፦

```c
uint16_t t = (uint32_t)adc * 275 >> 8;
```

ከላይ መፍሰስ አንዱ አደጋ ከሆነ፣ ከታች መቆረጥ ሌላው ነው። 275 ሳይተርፍ መገኘቱ ዕድል ነበር። የዚህ ቺፕ ማመሳከሪያ ስሙ 1.1 ቮልት ይሁን እንጂ አምራቹ የሚፈቅደው ከ1.0 እስከ 1.2 ያለውን ሁሉ ነው። በመለኪያ አይታችሁ 1.082 ቮልት ካገኛችሁ ማባዣው 1.0566 ገደማ ይሆናል፤ በ256 ሲባዛ 270.5። ወይ 270 ወይ 271 መውሰድ ነው፤ ግማሹ ይጠፋል። በ65536 ብታበዙት ግን 69248 በትክክል ይመጣል፤ ሺፍቱም 16 ስለሚሆን ርካሽ እንደሆነ ይቀራል። ለቴርሞሜትራችን 270 እንኳ ቢሆን አያስከፋም፤ 30 ዲግሪ ላይ የሚያጎድለው ከአንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። የተቆረጠው ትንሽ ነገር የሚከፋው ሲደመር ሲውል ነው።

ለዚህ የታወቀው ምስክር እ.ኤ.አ. በየካቲት 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን የሆነው ነው። የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ሥርዓት ጊዜውን በሰከንድ አሥረኛ፣ በሙሉ ቁጥር ይቆጥር ነበር፤ ወደ ሰከንድ ለመለወጥ በ0.1 ያባዛል። 0.1 በሁለትዮሽ ሲጻፍ ማለቂያ የለውም፤ በ24 ቢት ላይ ተቆርጧል። የተቆረጠው ከአንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ነበር። መሣሪያው ግን 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ስለቆየ ልዩነቱ ወደ 0.34 ሰከንድ አደገ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስከድ ሚሳይል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሥርዓቱ ሚሳይሉን በተሳሳተ ቦታ ፈልጎ አጣው፤ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ።

በእኛ ቴርሞሜትር ላይ ተመሳሳይ ነገር የሚደርሰው ንባቡን ለማለስለስ ስንሞክር ነው። የኤዲሲ ቁጥር ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ አንድ ሁለት እርከን ይዋልላል። ስለዚህ አማካዩን ወደ አዲሱ ንባብ በልዩነቱ አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ማስጠጋት የተለመደ ነው፦

```c
avg += (x - avg) >> 4;
```

ያምራል፤ ግን ልዩነቱ 15 ሲሆን አራት ቦታ ሲገፋ ዜሮ ይሆናል። አማካዩ እዚያው ይቆማል፤ 15 እርከን ማለትም 1.6 ዲግሪ ሲቀረው። ሙቀቱ ሲወርድ ደግሞ ልዩነቱ ኔጋቲቭ ነው፤ ኔጋቲቭ ቁጥር ወደ ቀኝ ሲገፋ ወደ ታች ስለሚጠጋ −1 እንኳ −1 ሆኖ ይቀራል፤ አማካዩም ሳይደናቀፍ እስከ ትክክለኛው ይወርዳል። ውጤቱ ሲሞቅ የሚዋሽ፣ ሲቀዘቅዝ እውነት የሚናገር ቴርሞሜትር ነው። መሣሪያው በአንድ ክፍል ውስጥ ከታች ሲመጣና ከላይ ሲመጣ ሁለት የተለያየ ንባብ ላይ ከረጋ ይህን መጠርጠር ያስፈልጋል። መፍትሔው የሚቆረጡትን አራት ቢቶች አለመጣል ነው፤ አማካዩን 16 እጥፍ አድርጎ መያዝና ሲነበብ ብቻ መግፋት፦

```c
sum += x - (sum >> 4);
```

`sum` ከ16 ሺህ ጥቂት ስለማይበልጥ በ16 ቢት ይገባል።

የፊክስድ ፖይንት አንዱ በጎ ነገር ሙሉ በሙሉ ሊፈተሽ መቻሉ ነው። ኤዲሲው ሊሰጥ የሚችለው ቁጥር 1024 ብቻ ነው፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አስገብቶ ውጤቱን በፍሎት ከተሰላው ጋር ማስተያየት ከሰከንድ ብዙም አይፈጅም። ይህን ስትሠሩ ግን በላፕቶፕ ላይ አትሥሩት። በላፕቶፕ ኮምፓይለር ዘንድ ተራው ሙሉ ቁጥር 32 ቢት ነው፤ ሁለት ባለ 16 ቢት ቁጥሮች ቢባዙ እንኳ መጀመሪያ ወደ 32 ያሰፋቸዋል። የድሬዳዋው ስሕተት እዚያ አይታይም፤ 1024ቱም ትክክል ይሆናሉ። ፍተሻው ራሱ ቺፑ ላይ ይሂድ፣ ውጤቱ በሽቦ ወደ ኮምፒዩተር ይላክ፤ 239ኛው መስመር ላይ ዜሮው ብቅ ይላል።