ሰርቮ ሞተር የሚያነበው ጊዜ

አርዱዊኖ ኡኖ በተባለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ የኤልኢዲ መብራት ማደብዘዝ ቀላል ነው፤ analogWrite የሚለው ትእዛዝ ይበቃል። በዚያው ትእዛዝ ትንሽ ሰርቮ ሞተር ለማዞር የሞከረ ሰው ግን ሞተሩ በትክክል አይታዘዝለትም። ብዙ ጊዜ ሽቦውም ሞተሩም ደህና ናቸው። ያልተስተካከለው ጊዜው ነው።

መብራቱ በትእዛዙ አማካኝነት በሰከንድ 490 ጊዜ ያህል ይበራል፣ ይጠፋል። ዓይን ይህን ፍጥነት መከተል ስለማይችል የሚያየው አማካዩን ብርሃን ብቻ ነው። ሰርቮ ሞተር ግን ስለ አማካይ ግድ የለውም። በውስጡ ያለው ሰርኪዩት የሚለካው እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ምት ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ነው። ምቱ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ከቆየ ክንዱ መሃል ላይ ይቆማል፤ ወደ 1 ሲያጥር በአንድ በኩል፣ ወደ 2 ሲረዝም በሌላው በኩል ይዞራል። ምቱም በየ20 ሚሊ ሰከንዱ መደገም አለበት። የanalogWrite ምት ግን በየ2 ሚሊ ሰከንዱ ገደማ ይደገማል፤ ማለትም አሥር እጥፍ ይፈጥናል።

ይህን የሚያስተካክለው በቺፑ ውስጥ ያለው ታይመር ነው። ታይመር ከፕሮግራሙ ተለይቶ ብቻውን የሚቆጥር ክፍል ነው፤ አንዴ ከተዘጋጀ ፕሮግራሙ ሌላ ሥራ ቢይዝም ምቱ አይዛነፍም።

የኡኖ ሰዓት በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። 20 ሚሊ ሰከንድ ለመሙላት 320,000 ቆጠራ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ታይመር 1 ደግሞ ከ65,535 በላይ መቁጠር አይችልም። ስለዚህ ሰዓቱ አስቀድሞ ለ8 ይካፈላል። አሁን እያንዳንዱ ቆጠራ ግማሽ ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል፤ 20 ሚሊ ሰከንዱም 40,000 ቆጠራ ይሆናል። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር የመጨረሻው ቁጥር 39,999 ነው። በዚሁ ስሌት 1.5 ሚሊ ሰከንድ 3,000 ቆጠራ ነው፤ የሚጻፈውም 2,999 ይሆናል።

```
pinMode(9, OUTPUT);
TCCR1A = 0;
TCCR1B = 0;
OCR1A = 2999;
TCCR1A |= (1 << COM1A1) | (1 << WGM11);
TCCR1B |= (1 << WGM13) | (1 << WGM12) | (1 << CS11);
ICR1 = 39999;
```

ICR1 ቆጠራው የት ደርሶ ወደ ዜሮ እንደሚመለስ ይወስናል፤ OCR1A ደግሞ ፒን 9 መቼ እንደሚጠፋ። CS11 ለ8 ማካፈሉን ያዝዛል። ከዚህ በኋላ ክንዱን ለማዞር OCR1A ላይ ከ1,999 እስከ 3,999 ያለ ቁጥር መጻፍ ብቻ ይበቃል። በሁለቱ ጫፎች መካከል 2,000 እርምጃ አለ። እስከ 255 ብቻ በሚቆጥረው ታይመር 2 ቢሞከር፣ ሰዓቱ ለ1,024 ተካፍሎ እንኳ፣ በዚያው ርቀት ውስጥ የሚገኘው ወደ 16 እርምጃ ብቻ ነው፤ ክንዱም እየዘለለ ይሄዳል።

ሁለቱ የዜሮ መስመሮች ትርፍ ይመስላሉ፤ አይደሉም። የአርዱዊኖ ሶፍትዌር የተጠቃሚው ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት ታይመሩን ለanalogWrite አዘጋጅቶታል። የቆየው ካልተጠረገ አዲሱ ትእዛዝ በላዩ ላይ ይደረብና ያልታሰበ ነገር ይፈጠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስህተቱን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሞተሩን ነቅሎ በፒን 9 ላይ ኤልኢዲ ከ220 ኦም ሬዚስተር ጋር ማገናኘት በቂ ነው። ዝግጅቱ ትክክል ከሆነ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ በጥቂቱ ይርገበገባል። በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል በግልጽ ብልጭ ድርግም ካለ ሰዓቱ የተካፈለው ለ8 ሳይሆን ለ64 ነው። ሳያቋርጥ ደምቆ ከበራ ደግሞ የአሠራር ዘዴው የቆየ ቅሪት ይዟል። መብራቱ ትክክል ሆኖ ሞተሩ ሲነሳ ሰሌዳዋ እንደገና የምትጀምር ከሆነ ግን ጥፋቱ የታይመሩ አይደለም፤ ሞተሩ የራሱ 5 ቮልት ምንጭ ይፈልጋል፣ የሁለቱም ግራውንድ መገናኘት አለበት።

ይኸው ታይመር ለመብራትም ከanalogWrite የተሻለ ነው። CS11ን በCS10 ተክቶ ICR1ን 15,999 ያደረገ ሰው በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚበራ መብራትና 16,000 የድምቀት ደረጃ ያገኛል። ጥቅሙ የሚታየው በደብዛዛው ጫፍ ነው፦ በanalogWrite ከ1 ወደ 2 መሄድ ብርሃኑን በአንዴ እጥፍ ያደርገዋል፣ ዓይንም ዝላዩን ያያል። አንድ ገደብ ግን አለ። በዚህ ዘዴ OCR1A ዜሮ ቢሆንም በየዙሩ የአንድ ቆጠራ ምት ያመልጣል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ያለ መብራት እጅግ ደብዝዞ ሊታይ ይችላል። ጨርሶ እንዲጠፋ COM1A1ን አንስቶ ፒን 9ን በdigitalWrite ማጥፋት ያስፈልጋል።