የነገ ብር የዛሬ ዋጋ

የአንድ ድርጅት ዋጋ ወደፊት የሚያስገባው ጥሬ ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ተቀንሶ ሲደመር ይገኛል። 15 በመቶ ትርፍ ለሚፈልግ ባለሀብት ከዓመት በኋላ የሚመጣ 115 ብር ዛሬ 100 ብር ብቻ ያወጣል፤ 15 በመቶው የቅናሽ መጠን ይባላል።

አንድ የእህል ወፍጮ ወጪው ሁሉ ተሸፍኖ በመጪው ዓመት 1 ሚሊዮን ብር ቢያስተርፍ፣ ይህም በየዓመቱ 5 በመቶ ሳያቋርጥ ቢያድግ፣ ዋጋው 1 ሚሊዮኑን ለሁለቱ መጠኖች ልዩነት፣ ማለትም ለ10 በመቶ፣ በማካፈል ይሰላል፤ 10 ሚሊዮን ብር ይሆናል። እድገቱ 7 በመቶ ከተባለ ልዩነቱ ይጠብና ዋጋው 12.5 ሚሊዮን ይደርሳል። በዚያ ላይ የቅናሽ መጠኑ ወደ 13 ቢወርድ 16.7 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ወፍጮው ግን ያው ነው፤ አንዲት ኩንታል እንኳ አልጨመረም። የዘላለም እድገቱ ከአገሪቱ ኢኮኖሚ የረጅም ጊዜ እድገት በልጦ ከተገመተ፣ ወፍጮው ውሎ አድሮ ኢኮኖሚውን ይበልጣል እንደ ማለት ነውና ግምቱ አይያዝም።