የጎደለውን የጡረታ ዓመት ከፍሎ መሙላት መቼ ያዋጣል?

በብሪታንያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ወደ ሃምሳዎቹ ሲገቡ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። መዋጮ ያልተከፈለባቸው ዓመታት አሉ፤ አንዱ በትምህርት፣ አንዱ ያለ ደመወዝ በተወሰደ ፈቃድ፣ ሌላው ቤተሰብ በማስታመም ያለፈ ነው። መንግሥት ደግሞ «ከፍላችሁ መሙላት ትችላላችሁ» ይላል። የአንድ ሳምንት መሙያ ዋጋ በአብዛኛው ያው ነው። የሚያስገኘው ጥቅም ግን ለአንዱ ትልቅ፣ ለሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ከኤፕሪል 2016 ወዲህ ለጡረታ የሚደርስ ሰው ሙሉውን የመንግሥት ጡረታ ለማግኘት በአብዛኛው 35 የተሟሉ የናሽናል ኢንሹራንስ ዓመታት ያስፈልጉታል። ከ10 ዓመት በታች ያለው ምንም አያገኝም። በ2025/26 የግብር ዓመት ሙሉው ጡረታ በሳምንት 230.25 ፓውንድ ነው። ለ35 ሲካፈል አንድ የተሟላ ዓመት በሳምንት 6.58 ፓውንድ ገደማ ያስገኛል ማለት ነው። በብሪታንያና በኢትዮጵያ መካከል የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ስለሌለ፣ በኢትዮጵያ ጡረታ የተከፈለባቸው ዓመታት እዚህ አይደመሩም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ጥቂት ወራት ሥራ ስላልተሠራ ብቻ ዓመቱ አይጎድልም። ለተቀጣሪ የሚታየው በዓመቱ የተገኘው ደመወዝ ድምር ነው። ዝቅተኛው የገቢ ወለል በ2025/26 በሳምንት 125 ፓውንድ ነው። የዚህን 52 እጥፍ፣ ማለትም 6,500 ፓውንድ ያገኘ ሰው፣ ገንዘቡን በግማሽ ዓመት ቢያገኘውም ዓመቱ ይሞላለታል። በተቃራኒው ሁለት ቦታ በጽዳት የሚሠራና ከእያንዳንዱ ቀጣሪ በሳምንት 100 ፓውንድ የሚያገኝ ሰው፣ ሁለቱ ደመወዞች ለየብቻ ስለሚታዩ፣ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ክፍተት ሊገኝበት ይችላል።

አሁን አንዲት ሴት በምሳሌ እንውሰድ። በ2016 ለንደን ገባች፤ ዛሬ 52 ዓመቷ ነው፤ ጡረታዋን የምታገኘው በ67 ዓመቷ ነው። ካለፉት ዘጠኝ የግብር ዓመታት ስድስቱ የተሟሉ ሲሆኑ ሦስቱ ጎድለዋል። በ2019/20 በሳምንት 236 ፓውንድ እያገኘች 20 ሳምንት ሠራች፤ ከዚያ አባቷ ስለታመሙ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዳ አዲስ አበባ ሄደች። የዚያን ዓመት ወለል በሳምንት 118 ፓውንድ ስለነበር፣ 20 የሥራ ሳምንቷ 40 ሆኖ ተቆጠረላትና የጎደላት 12 ሳምንት ብቻ ሆነ። በ2020/21 የሙሉ ጊዜ ተማሪ ስለነበረች ምንም አልተመዘገበላትም። በ2024/25 ደግሞ ሥራ አቁማ አብረዋት የሚኖሩትን አቅመ ደካማ እናቷን ስትንከባከብ ነበር።

ለመክፈል ከመነሳቷ በፊት ያለ ክፍያ የሚሞላ ዓመት እንዳላት ማየት አለባት። የመጨረሻው ዓመት እንዲህ ዓይነት ነው። በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሌላ ሰው ለሚንከባከብ፣ ተንከባካቢነቱን የሚቆጥርለት «ኬረርስ ክሬዲት» የሚባል ምዝገባ አለ። እናቷ አቴንዳንስ አላውንስ ካገኙ፣ ወይም የጤና ወይም የማኅበራዊ እንክብካቤ ባለሙያ ቅጹ ላይ ካረጋገጠላት ዓመቱ በነፃ ይሞላል። ግን ማመልከቻው ተከታዩ የግብር ዓመት ከማለቁ በፊት መግባት አለበት፤ ለ2024/25 የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 5 ቀን 2026 ነው። ከ12 ዓመት በታች ልጅ ያላት እናትም የቻይልድ ቤኔፊት አመልካች ከሆነች ዓመቱ ይቆጠርላታል። ችግር የሚመጣው ባልየው እየሠራ አመልካቹም እሱ ከሆነ ነው። ቤት የዋለችው ሚስት ዓመቷ ባዶ ይቀራል፤ እሱ የማይፈልገውን ክሬዲት ወደ እሷ ለማዛወር CF411A የሚባለው ቅጽ ይሞላል። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪነት ግን እንዲህ ዓይነት ክሬዲት የለም።

የቀሩት ሁለት ዓመታት በፈቃደኝነት በሚከፈለው መዋጮ፣ በክላስ 3፣ የሚሞሉ ናቸው። በ2025/26 ዋጋው በሳምንት 17.75 ፓውንድ ነው። የትምህርቷ ዓመት ሙሉ ስለሆነ 923 ፓውንድ ይጠይቃል። የፈቃዷ ዓመት ግን የ12 ሳምንት ጉድለት ብቻ ስላለበት በ213 ፓውንድ ይሞላል። ሁለቱም ለጡረታዋ የሚጨምሩት እኩል 6.58 ፓውንድ ነው። የመጀመሪያው ወጪውን ለመመለስ 140 ሳምንት፣ ማለትም ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ሁለተኛው 33 ሳምንት አይሞላም። ስለዚህ ገንዘብ ያጠረው ሰው መጀመሪያ ጥቂት ሳምንት የጎደለበትን ዓመት ይሙላ።

እስከዚህ ድረስ ግዢው የሚያዋጣ ይመስላል። ሆኖም ሴትየዋ እስከ 67 ዓመቷ ሳታቋርጥ ብትሠራ 21 ዓመት ይኖራታል፤ የእናቷ ዓመት ሲጨመር 22፣ ሁለቱ ሲገዙ 24 ይሆናል። በ2025/26 ተመን 22 ዓመት በሳምንት 145 ፓውንድ ገደማ፣ 24 ዓመት ደግሞ 158 ፓውንድ ገደማ ነው። ብቻዋን የምትኖርና ሌላ ገቢ የሌላት ከሆነች፣ ብሪታንያ ውስጥ ፔንሽን ክሬዲት የሚባለው ድጎማ ገቢዋን ወደ 227.10 ፓውንድ ከፍ ያደርግላታል። በገዛችው ዓመት 13 ፓውንድ ሲጨመርላት ድጎማው በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ 1,136 ፓውንዷ ምንም አላመጣላትም ማለት ነው። ባሏ ሙሉ ጡረታ የሚያገኝ ከሆነ ግን የሁለቱ ገቢ ለባልና ሚስት ከተቀመጠው 346.60 ፓውንድ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ጭማሪው እውነተኛ ጭማሪ ነው።

አርጅታ አገሯ ለመግባት ካሰበች ስሌቱ እንደገና ይለወጣል። ፔንሽን ክሬዲት ጠቅልሎ ከብሪታንያ ለወጣ ሰው አይከፈልም፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የምትኖረው በዓመታቷ ባገኘችው ጡረታ ብቻ ነው፤ የገዛችው ዓመት ሙሉ በሙሉ ይጠቅማታል። ግን ኢትዮጵያ ውስጥ የሚከፈል የብሪታንያ ጡረታ በየዓመቱ አይጨምርም፤ በጀመረበት መጠን ይቆማል። 6.58ቱ ከአሥር ዓመት በኋላም ያው 6.58 ነው። ወጪዋ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ግን የኑሮ ውድነት እየበላው ይሄዳል።

ጨርሶ የማይገዛም አለ። በ32 ዓመቱ 10 የተሟሉ ዓመታት ያሉትና ሥራ የማያቋርጥ ሰው 35ቱን ሳይቸገር ይደርስበታል፤ ዛሬ የሚከፍለው ከሚያስፈልገው በላይ ይሆናል። ጤናው የተቃወሰ ሰውም ያስብበት፤ ጡረታ ሳይደርስ ከሞተ የከፈለው መዋጮ በአብዛኛው ለቤተሰብ አይመለስም። በሌላ በኩል ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ይዞ ጡረታ ሊደርስ ላለ ሰው፣ 10 የሚያደርሰው ዓመት ከባዶ ወደ 66 ፓውንድ ገደማ ሳምንታዊ ጡረታ ያሻግረዋል። ከዚህ የሚበልጥ ግዢ የለም።

ለመወሰን gov.uk ላይ ሁለት ገጾችን ይክፈቱ። Check your State Pension forecast የሚለው እስከ ጡረታ ቢሠሩ ምን ያህል እንደሚያገኙ ይነግራል፤ Check your National Insurance record የሚለው ደግሞ የጎደለውን ዓመትና መሙያውን ዋጋ ያሳያል። ወደ ኋላ መሙላት የሚቻለው በአብዛኛው ስድስት የግብር ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ 2019/20 ከኤፕሪል 5 ቀን 2026 በኋላ ይዘጋል። በተለይ ከ2016 በፊት መዋጮ የከፈላችሁ፣ ያ ዘመን የራሱ ስሌት ስላለው፣ የምትገዙት ዓመት ጡረታችሁን በእርግጥ ከፍ ማድረጉን ፊውቸር ፔንሽን ሴንተር ደውላችሁ ጠይቁ። ገንዘቡን የምትልኩት ከዚያ በኋላ፣ በተሰጣችሁ ባለ 18 አኃዝ መለያ ቁጥር ነው።