ነባርና አዲስ ሠራተኛ በአንድ ደመወዝ

ከ8 ዓመት በፊት በ8 ሺህ ብር የተቀጠረች የሂሳብ ሠራተኛ እናስብ። በየዓመቱ 7 በመቶ ቢጨመርላት ዛሬ 13 ሺህ 700 ብር ገደማ ታገኛለች። የገበያው ደመወዝ ግን በተቀራራቢ ፍጥነት ስለናረ፣ መሥሪያ ቤቱ ለዚያው ሥራ አዲስ ሰው የቀጠረው በ13 ሺህ ነው። ሥራውን የምታሳየው ደግሞ እሷው ናት። የ8 ዓመት ልምዷ በ700 ብር ተተመነ ማለት ነው፤ ይህን ስታውቅ ሌላ ቦታ ማመልከቷ አይቀርም።

ብዙ አሠሪዎች ቅሬታው ሲበዛ ለሁሉም እኩል 10 በመቶ ይጨምራሉ። ገንዘቡ ይወጣል፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቀራል፤ ልዩነቱ ከ700 ወደ 770 ብር ቢሰፋ ነው።

የሚሻለው ጭማሪውን ለተጎዱት ለይቶ መስጠት ነው። የሰው ሀብት ክፍሉ በአንድ የሥራ መደብ ያሉትን ሠራተኞች ከነአገልግሎት ዘመናቸውና ከነሥራ አፈጻጸማቸው ይዘርዝር። ከዚያ ልምድ ስንት እንደሚያወጣ ይወስን። ለምሳሌ በመነሻው ላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 2.5 በመቶ ቢታሰብ፣ የእኛዋ ሠራተኛ ደመወዝ 15 ሺህ 600 ብር መሆን ነበረበት። የጎደላትን 1 ሺህ 900 ብር በጀቱ በአንዴ ካልቻለ በሁለት ዙር፣ ቀኑን በጽሑፍ አሳውቆ መሙላት ይቻላል። የአፈጻጸም ውጤቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ግን ዓመት ብቻ ተቆጥሮ መጨመር የለበትም።

የመቀጠሪያ ደመወዝ ከፍ በተደረገ ቁጥር ይኸው ዝርዝር አብሮ ካልታየ፣ ክፍተቱ ተመልሶ ይጠባል።