የሰኞው ቁጥር ስንት ነው?

በጉግልና በፌስቡክ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ጠዋት ከፍቶ የሚያየው አንድ ሰንጠረዥ አለው። ትናንት ስንት ወጣ፣ ስንት ሰው ማስታወቂያውን ተጫነ፣ ስንት ዕቃ ተሸጠ? ሰንጠረዡን የሚሞላው ሌሊት ወደ እያንዳንዱ መድረክ ጥያቄ ልኮ ቁጥር የሚያመጣ አጭር ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም መጻፍ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ያመጣው ቁጥር መቼ እንደሚታመን ማወቅ ነው።

በአሜሪካ የሀበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት የሚሸጥ አንድ ሱቅ አለ እንበል። ሰኞ፣ ማርች 3 ቀን 2025፣ ለጉግል ማስታወቂያ 1,000 ዶላር አወጣ። ማክሰኞ ጠዋት ፕሮግራሙ 20 ግዢ ይዞ መጣ፤ ለአንድ ግዢ 50 ዶላር ወጣ ማለት ነው። ባለሱቁ ይህን አይቶ ማስታወቂያውን ሊዘጋው ይችላል። ነገር ግን ሰኞ ዕለት ማስታወቂያውን የተጫነች ሴት ከእህቷ ጋር ተማክራ ቀሚሱን የምትገዛው ቅዳሜ ሊሆን ይችላል። ጉግል በተለመደው ሪፖርቱ ያንን ግዢ የሚጽፈው ማስታወቂያው በተጫነበት በሰኞ ሥር እንጂ በቅዳሜ ሥር አይደለም። ግዢውን የሚጠብቀውም ሌላ ካልተመረጠ 30 ቀን ነው፤ አስተዋዋቂው ከፈለገ እስከ 90 ቀን ሊያራዝመው ይችላል። ስለዚህ የዚያ ሰኞ ግዢ ከሳምንት በኋላ 26፣ በወሩ 31 ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ የአንዱ ግዢ ዋጋ ወደ 32 ዶላር ይወርዳል። ማስታወቂያው አንድም ነገር አልተለወጠበትም፤ ቁጥሩ ግን ገና እየበሰለ ነበር።

ብዙ ፕሮግራሞች በየሌሊቱ የትናንቱን ብቻ አምጥተው ከታች ይጨምራሉ። እንዲህ የተሠራ ሰንጠረዥ የሰኞን 20 ግዢ ለዘላለም ይዞ ይቀራል። ይህን ያወቀ ሰው ያለፉትን ሠላሳ ቀናት በየሌሊቱ እንደገና አምጥቶ በአሮጌው ላይ ይጽፍበታል። ይህም ቢሆን ሌላ ወጥመድ አለው። ያለፈው ሳምንት በሙሉ በስሎ ሲያድር የዚህ ሳምንት ገና ጥሬ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ በተነጻጸሩ ቁጥር ሥራው የወደቀ ይመስላል። በየሰኞው ስብሰባ «ሽያጭ ለምን ቀነሰ?» እየተባለ ሠራተኛ የሚወቀሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ነገሩ የቴክኒክ ሰዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም።

መፍትሔው በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ሁለት ቀን መጻፍ ነው፦ ቁጥሩ የሚመለከተውን ቀንና ቁጥሩ የመጣበትን ቀን። አሮጌው አይሰረዝም።

```
metric_date,fetched_at,platform,metric,value
2025-03-03,2025-03-04,google,conversions,20
2025-03-03,2025-03-10,google,conversions,26
2025-03-03,2025-04-02,google,conversions,31
```

እንዲህ ሲሆን ይህን ሰኞ ካለፈው ሰኞ ጋር በእኩል ዕድሜ ማነጻጸር ይቻላል፤ የአንድ ቀኑን ከአንድ ቀኑ፣ የሰባት ቀኑን ከሰባት ቀኑ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ቁጥር በስንት እንደሚያድግ ከራሱ ከሱቁ ታሪክ ይታወቃል።

ችግሩ ወደኋላ ተመልሶ መጠየቅ ጥያቄ ያበዛል፤ መድረኮቹ ደግሞ ለጥያቄ ገደብ አላቸው። ለምሳሌ ጉግል መሠረታዊ ፈቃድ ላለው ፕሮግራም በቀን 15,000 ጥያቄ ይፈቅዳል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ከጥያቄው ብዛት ሌላ ጥያቄው የፈጀውን የኮምፒውተር ጊዜም ይቆጥራል። ከመልሱ ጋር `X-Business-Use-Case-Usage` በሚል ርዕስ ከገደቡ ስንት በመቶ እንደተበላ ይነግራል፤ ገደቡ ሲያልፍም እዚያው `estimated_time_to_regain_access` ስንት ደቂቃ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። ይህን እያነበበ ራሱን የሚያዘገይ ፕሮግራም እምብዛም አይባረርም። ከተባረረም ወዲያው ደጋግሞ ማንኳኳት የለበትም፤ በየሙከራው የመጠበቂያውን ጊዜ እያጠፈ መሄድ አለበት። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ጥያቄውን ማሳነስ ነው። ስለ እያንዳንዱ ማስታወቂያ ለየብቻ ከመጠየቅ የሙሉውን ሒሳብ ማስታወቂያዎች በአንድ ጥያቄ በየቀኑ ተከፋፍለው እንዲመጡ ማዘዝ ይቻላል። የመጨረሻዎቹን ሰባት ቀናት በየሌሊቱ፣ ሠላሳውን በሳምንት አንዴ፣ ዘጠናውን በወር አንዴ ማምጣት ለአብዛኛው ሱቅ ይበቃል። ሜታ ከ28 ቀን በኋላ ቁጥሮቹ እንደማይለወጡ ስለሚገልጽ በእሱ በኩል ከዚያ ያለፈውን ዘወትር መጠየቅ አያስፈልግም።

በገደብ ምክንያት የሚመጣው ከባዱ ጥፋት ግን ፕሮግራሙ መቆሙ አይደለም፤ የቆመውን ሁሉም ያየዋል። የሚያስፈራው በግማሽ መሳካቱ ነው። መልሱ በአርባ ገጽ ተከፋፍሎ ይመጣል፣ ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ መድረኩ እምቢ ይላል፣ ፕሮግራሙም ሃያ ሁለቱን ገጽ እንደ ሙሉ ቀን ይመዘግባል። ጠዋት ሰንጠረዡ ላይ የሚታየው ስህተት ሳይሆን የቀነሰ ወጪ ነው። ስለዚህ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ ለብቻው ይቀመጥ፤ ሁሉም ገጽ ሲሟላ ብቻ ወደ ዋናው ሰንጠረዥ ይግባ። ከዚያ በፊት አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ልኮ የሒሳቡን ጠቅላላ ወጪ ማምጣትና ከማስታወቂያዎቹ ወጪ ድምር ጋር ማስተያየት ጉድለቱን ወዲያው ያጋልጣል። ይህ ፍተሻ ለወጪና ለጠቅታ ይሠራል፤ «ስንት ሰው አየው» ለሚለው ግን አይሠራም፣ አንድ ሰው ሁለት ማስታወቂያ አይቶ ሊሆን ስለሚችል ድምሩ ሊበልጥ ይችላል።

ሦስተኛው ችግር የቃሉ ትርጉም ሲለወጥ የሚመጣው ነው። አንድ መለኪያ ከነስሙ ሲጠፋ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ጉግል በ2019 የማስታወቂያን አማካይ ደረጃ የሚያሳየውን ቁጥር ሲያነሳ የሚጠይቁት ፕሮግራሞች ስህተት ስለሚመለስላቸው ባለቤቶቻቸው ያውቃሉ። ስሙ እንዳለ ሆኖ ትርጉሙ ሲቀየር ግን የሚያስጠነቅቅ ነገር የለም። በ2021 መጀመሪያ ላይ አፕል በአይፎን የግል መረጃ አጠባበቅ ላይ ባወጣው ደንብ ምክንያት ሜታ ከጠቅታ በኋላ ለ28 ቀን ይቆጥረው የነበረውን ግዢ ወደ 7 ቀን አሳጠረ። ሱቁ እንደ ወትሮው እየሸጠ ሳለ በሰንጠረዡ ላይ «ግዢ» የሚለው ዓምድ ሊወርድ ይችል ነበር።

ሁለቱን ለመለየት ያ የመጣበት ቀን እንደገና ይጠቅማል። መዘግየት የሚነካው ቅርብ ቀናትን ነው፣ ቁጥሩንም ቀስ በቀስ ያሳድገዋል። የትርጉም ለውጥ ግን ከአንድ ቀን ጀምሮ በሁሉም ማስታወቂያ ላይ እኩል ይታያል፣ ወጪና ጠቅታ ግን አይነቃነቁም። አንዳንዴም መድረኩ ያለፈውን እንደገና ያሰላል። ስለዚህ ከአራት ወር በፊት ያለፈ አንድ ቀን በየሳምንቱ እንደገና አምጥቶ ማየት ጥሩ ዘዴ ነው፤ የተዘጋ ቀን ከተንቀሳቀሰ የተለወጠው ስሌቱ ነው። ሆኖም በሱቁ ድረ ገጽ ላይ ግዢ የሚቆጥረው ኮድ ቢበላሽም ተመሳሳይ መልክ ይታያል። የሱቁ የራሱ የትዕዛዝ መዝገብ ካልወረደ በማስታወቂያ በኩል ገብቶ አንድ የሙከራ ግዢ መፈጸም፣ ከዚያም መድረኩ መቁጠሩን ማየት ነው።

በሜታ በኩል ለማንኛውም ጥንቃቄ ፕሮግራሙ የፈለገውን በግልጽ መጠየቅ ይኖርበታል፦

```
action_attribution_windows=["7d_click","1d_view"]
```

የዓምዱ ስምም «ግዢ» ብቻ ሳይሆን መድረኩንና የቀኑን ብዛት የሚናገር ይሁን። የሁለት መድረክ ቁጥር በስም ስለተመሳሰለ አይደመርም። ሜታ የቪዲዮ ዕይታ ብሎ በዋናነት የሚያሳየው ሦስት ሰከንድ የታየውን ነው፤ በዩቲዩብ ሊዘለል በሚችል ማስታወቂያ ግን ዕይታ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲታይ፣ ቪዲዮው ካጠረ ሲያልቅ፣ ወይም ተመልካቹ ሲጫነው ነው።

ትርጉሙ በተለወጠበት ቀን ላይ በግራፉ መስመር ይሰመር፤ የፊቱና የኋላው አይቀጠል። መድረኩ አሮጌውን ቆጠራ በሌላ ስም ካቆየው ግን ታሪኩ አይቋረጥም። ዩቲዩብ ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ አጫጭር ቪዲዮዎች መጫወት በጀመሩ ቁጥር ዕይታ አድርጎ መቁጠር ሲጀምር የድሮውን ቆጠራ `Engaged views` ብሎ አስቀርቶታል። ከዚያ ቀን በፊት የነበረውን «ዕይታ» ከዛሬው ጋር ማነጻጸር የፈለገ ፕሮግራም ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው።