ተጨማሪ መረጃ፦ አልረጋ ያለው ስሌት

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም ከአዲስ አበባ ጋር ብቻ የተገናኙ ናቸው እንበልና በማትሪክስ A ላይ ለተገናኙ ከተሞች 1፣ ላልተገናኙት 0 ጻፉ።

አንድን ቬክተር በማትሪክስ ደጋግሞ እያባዙ በፍጹም ዋጋ ትልቁን አይገን እሴት መፈለግ ፓወር ኢተሬሽን ይባላል። እዚህ ማባዛት ማለት እያንዳንዱ ከተማ የጎረቤቶቹን ቁጥር ደምሮ ይወስዳል ማለት ነው። ሁሉንም ከ1 አስነሷቸው። አዲስ አበባ 3 ስትሆን ሌሎቹ 1 ይቀራሉ። በሁለተኛው ዙር ሁሉም 3 ይሆናሉ፤ ለ3 ስታካፍሉ ተመልሳችሁ መነሻው ላይ ናችሁ! ስሌቱ እንዲህ ሲወዛወዝ ይኖራል እንጂ አይረጋም። ምክንያቱ √3 እና −√3 ሁለቱም አይገን እሴቶች መሆናቸው ነው፤ በፍጹም ዋጋ እኩል ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አያሸንፍም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱንም ቁጥር ይደምር። ይህም በ A ፈንታ A + I መጠቀም ነው። አሁን አዲስ አበባ 4፣ 10፣ 28፣ 76 እያለች ስታድግ ሌሎቹ 2፣ 6፣ 16፣ 44 ይሆናሉ። የአዲስ አበባን ቁጥር ለሌሎቹ ስታካፍሉ 2፣ 1.667፣ 1.75፣ 1.727 ታገኛላችሁ፤ ወደ √3 ≈ 1.732 እየተጠጋ ነው። አይገን እሴቶቹ እያንዳንዳቸው በ1 ስለጨመሩ ትልቁ 2.732፣ በፍጹም ዋጋ ሁለተኛው 1 ሆኗል። የአጠቃላይ ፍጥነቱ ልክ የሁለቱ ጥምርታ 0.366 ቢሆንም፣ መነሻችን ሦስቱን ከተሞች እኩል ስላደረገ እዚህ የሚሠራው 0.732/2.732 ≈ 0.268 ነው፤ ስሕተቱ በየዙሩ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል።

እስቲ ሰበታንና ቡራዩን በቀጥታ መንገድ አገናኙና A ን ብቻውን ደጋግማችሁ አባዙ። ይረጋል? በስንት ዙር?